ዕቃው ሳይረከብ የተከፈለ ገንዘብ መቼ ሽያጭ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «የእንጨት ውጤቶች በሚያመርት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ምግብ ቤት ሊከፍቱ የተዘጋጁ ደንበኛ ከምንሸጣቸው ሞዴሎች መርጠው 20 ጠረጴዛና 80 ወንበር አዘዙን። ዋጋው ታክስን ጨምሮ 690,000 ብር ሲሆን፣ ግንቦት 20 ቀን ግማሹን 345,000 ብር በባንክ አስገቡ፤ ቀሪውን ወንበሮቹ ሲደርሱ ይከፍላሉ። በካሽ ሪጅስተር ደረሰኝ ስለቆረጥን 45,000 ብሩን ታክስ፣ 300,000 ብሩን ሽያጭ ብዬ መዘገብኩ። ጠረጴዛዎቹን ሰኔ 26 አስረክበናል፤ ወንበሮቹ የሚደርሱት ሐምሌ 12 ነው። ዓመቱን የምንዘጋው ሰኔ 30 ነው። አመዘጋገቤ ልክ ነው?»

መልስ፦ ታክሱን የያዙበት መንገድ ትክክል ነው፤ 300,000 ብሩን ግንቦት ላይ ሽያጭ ማድረግዎ ግን መታረም አለበት። በአይ ኤፍ አር ኤስ 15 መሠረት ገቢ የሚመዘገበው ዕቃው በደንበኛው ቁጥጥር ሥር ሲገባ ነው፤ ድርጅትዎ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የወጣውን ደረጃ የሚከተል ቢሆንም ለእንዲህ ዓይነቱ ሽያጭ ውጤቱ ያው ነው። ግንቦት 20 ቀን ደንበኛው አንድም ጠረጴዛ አልተረከቡም። በዚያን ዕለት ድርጅትዎ ያለበት ነገር ቢኖር ዕቃውን ሠርቶ የማስረከብ፣ ካልሆነም ገንዘቡን የመመለስ ግዴታ ነው፤ ይህ ደግሞ በሒሳብ ቋንቋ ዕዳ ነው። ስለዚህ ከአጭር ጊዜ ዕዳዎች መካከል «የደንበኞች ቅድሚያ ክፍያ» የሚባል ሒሳብ ይክፈቱና የግንቦት 20ውን ምዝገባ እንዲህ ያስተካክሉት፦

ዴቢት፦ ባንክ 345,000
ክሬዲት፦ የደንበኞች ቅድሚያ ክፍያ 300,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 45,000

ታክሱን ከቅድሚያ ክፍያው ለይተን የምናስቀምጠው ገንዘቡ ከመጀመሪያውም የድርጅቱ ስላልሆነ ነው። ደረሰኙ ግንቦት ውስጥ ስለተቆረጠ 45,000 ብሩ በግንቦት ወር ማስታወቂያ ላይ ይገባል፤ ወንበሮቹ እስኪያልቁ አይጠበቅም። ብዙ ባለሙያዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ታክሱ የተከፈለበት ሽያጭ ሁሉ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይም በዚያው ወር መታየት ያለበት ይመስላቸዋል። የታክስ ሕጉ የሚመለከተው ደረሰኙንና ክፍያውን ጭምር ነው፤ የሒሳብ ደረጃው የሚመለከተው ርክክቡን ነው። ሁለቱ ቀናት ሲለያዩ ሁለቱንም በየራሳቸው ቦታ መያዝ እንጂ አንዱን ለሌላው ብሎ ማዛባት አያስፈልግም።

የምትሠሩት በፒችትሪ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። ቅድሚያ ክፍያውን በ `Receipts` መስኮት ውስጥ በ `Apply to Revenues` በኩል ስታስገቡ፣ ፕሮግራሙ `GL Account` በሚለው ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ የሽያጭ ሒሳቡን ራሱ ሞልቶ ይጠብቃል። ቁጥሩን ወደ ቅድሚያ ክፍያው ሒሳብ ካልቀየሩት ገንዘቡ ማንም ሳያውቅ ሽያጭ ውስጥ ይገባል። ካስቀመጡ በኋላ የሒሳቡን ሌጀር ከፍተው 300,000 ብሩ በክሬዲት በኩል መቀመጡን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ሰኔ 26 ቀን ጠረጴዛዎቹ ተረክበዋል። በዚህ ቀን የሚያስፈልግዎ ማስረጃ ደንበኛው ወይም ወኪላቸው የፈረሙበት፣ ቀኑና ብዛቱ በግልጽ የተጻፈበት የዕቃ ማስረከቢያ ሰነድ ነው። ዕቃው ተሠርቶ ማለቁ፣ ቀለም መቀባቱ፣ የደንበኛው ስም ተለጥፎበት መጋዘን መቀመጡ በቂ አይደለም። ውሉ ላይ ዕቃውን ምግብ ቤቱ ድረስ ወስዳችሁ እንደምትገጣጥሙ ከተጻፈ፣ መኪና ላይ የተጫነበት ቀንም ገና ርክክብ አይደለም። ሰኔ 30 ሲቃረብ የማስረከቢያውን ቀን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት የመሳብ ግፊት በየድርጅቱ ይታያልና፣ ኦዲተር በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሰኔ መጨረሻና የሐምሌ መጀመሪያ ማስረከቢያዎችን መሆኑን አስቀድመው ይወቁ።

የአንዱ ጠረጴዛ ዋጋ ከታክስ በፊት 12,000 ብር፣ የአንዱ ወንበር 4,500 ብር ነው ብለን እንውሰድ። ጠረጴዛዎቹ 240,000፣ ወንበሮቹ 360,000፣ በድምሩ 600,000 ብር ይሆናሉ፤ 15 በመቶ ታክስ ሲጨመርበት እርስዎ የጠቀሱት 690,000 ይመጣል። ስለዚህ ሰኔ 26 ቀን የደንበኞች ቅድሚያ ክፍያን በ240,000 ብር ዴቢት፣ ሽያጭን በ240,000 ብር ክሬዲት ያደርጋሉ። ታክስ እዚህ ላይ አይነካም፤ የዚህ ሽያጭ ታክስ ግንቦት ላይ በተቆረጠው ደረሰኝ ውስጥ ተጠቃሏል። ጠረጴዛዎቹ ሲወጡ ሁለተኛ ደረሰኝ በሙሉ ዋጋ ከተቆረጠ አንዱን ሽያጭ ሁለት ጊዜ አስታወቃችሁ ማለት ነውና ይህን ለካሸሯ አስቀድመው ይንገሯት።

ደንበኛው የከፈሉት የጠቅላላውን ግማሽ ስለሆነ ከጠረጴዛዎቹም ግማሹን ብቻ፣ ማለትም 120,000 ብር ከቅድሚያ ክፍያው ቀንሶ ሌላውን 120,000 ተሰብሳቢ ማድረግ አይሻልም ወይ የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። የሚወስነው ውሉ ነው። በእናንተ ውል ቀሪው ክፍያ የሚጠየቀው ወንበሮቹ ሲደርሱ ስለሆነ፣ ሰኔ 26 ቀን ከደንበኛው ልትጠይቁት የምትችሉት ገንዘብ የለም፤ ስለዚህ ተሰብሳቢ አይኖርም። 300,000 ተቀብላችሁ የ240,000 ዕቃ አስረክባችኋል፤ የቀረባችሁ ዕዳ 60,000 ብር ነው። ሰኔ 30 ቀን በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ የሚታየውም ይኸው 60,000 ነው። በሁለቱም መንገድ የዓመቱ ሽያጭ 240,000 መሆኑ አይለወጥም።

ከሽያጩ እኩል ትኩረት የሚያስፈልገው ወጪው ነው። ለዚህ ትዕዛዝ የተገዛው ጣውላ፣ ቀለምና የሠራተኛ ክፍያ ዕቃው እስኪረከብ ድረስ በክምችት ውስጥ፣ በሂደት ላይ ባለ ሥራ ወይም በተጠናቀቀ ምርት ሥር ይቆያል። አንድ ጠረጴዛ 8,500 ብር ካስወጣችሁ፣ ሰኔ 26 ቀን 170,000 ብር ከተጠናቀቀ ምርት ወጥቶ የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ ይሆናል። የወንበሮቹ ወጪ፣ አንዱን በ3,200 ብር ብናስበው 256,000 ብር፣ የሚወጣው በሐምሌ ነው።

የመጀመሪያው ምዝገባዎ ያመጣው ጉዳት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ሽያጩ 300,000፣ ወጪው 170,000 ሆኖ ቢዘጋ ጥቅል ትርፉ 43 በመቶ ይመስላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 300,000 ሽያጭ ከ256,000 ወጪ ጋር ሲገናኝ ወደ 15 በመቶ ያሽቆለቁላል። በትክክለኛው አመዘጋገብ ግን ሁለቱም ርክክቦች 29 በመቶ አካባቢ ናቸው። የአንድ ድርጅት ጥቅል ትርፍ ያለ ዋጋ ለውጥ በዚህ መልክ ከዓመት ዓመት ሲዘል ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈትሸው ቅድሚያ ክፍያዎችን ነው። በገንዘብም ጉዳት አለው፤ ያለ ጊዜው በገባው 60,000 ብር ላይ ማኅበሩ 30 በመቶ የትርፍ ግብር፣ ማለትም 18,000 ብር ከጊዜው በፊት ይከፍላል።

ሐምሌ 12 ቀን ወንበሮቹ ሲረከቡና ቀሪው ሲከፈል ምዝገባው ይዘጋል፦

ዴቢት፦ ባንክ 345,000
ዴቢት፦ የደንበኞች ቅድሚያ ክፍያ 60,000
ክሬዲት፦ ሽያጭ 360,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 45,000

ደረሰኙ የሚቆረጠው በቀረው 300,000 ላይ ታክሱን ጨምሮ በ345,000 ብር ነው። ከዚህ በኋላ የዚህ ደንበኛ ቅድሚያ ክፍያ ዜሮ መሆን አለበት። ዕቃው ሁሉ ተረክቦ ሳለ ቀሪ የሚያሳይ ደንበኛ ካለ አንድ ማስረከቢያ ሳይመዘገብ ቀርቷል ማለት ነው፤ በዴቢት በኩል የዞረ ካለ ደግሞ ከተቀበላችሁት በላይ ቀንሳችኋል። ለዚህ ሲባል የእያንዳንዱን ደንበኛ ቀሪ የሚያሳይ ዝርዝር በየወሩ አውጥተው ድምሩን ከዋናው ሌጀር ጋር ያመሳክሩ። የአንዱን ደንበኛ ቅድሚያ ክፍያ ከሌላው ተሰብሳቢ ጋር ማቻቻል አይፈቀድም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዕቃዎቹ ለማንም ሊሸጡ የሚችሉ የተለመዱ ሞዴሎች በመሆናቸው ነው። ለአንድ ደንበኛ ብቻ የሚሆን፣ ለሌላ ሊሸጥ የማይችል ሥራ ከሆነና ደንበኛው ቢያቋርጥም እስከዚያ ለተሠራው ተገቢውን ዋጋ የማስከፈል መብት በውሉ ካላችሁ፣ ገቢው ሥራው በተሠራ መጠን በየጊዜው ሊመዘገብ ይችላል። ሌላው ልዩነት ደንበኛው ድርጅት ሆኖ ከክፍያው ላይ ግብር ቀንሶ ሲያስቀር ነው፤ ያን ጊዜ ቅድሚያ ክፍያው አይቀነስም፤ የተቀነሰው ገንዘብ በደረሰኙ መሠረት ወደፊት ከትርፍ ግብር የሚታሰብ ሀብት ሆኖ ለብቻው ይመዘገባል። ደንበኛው ትዕዛዙን ቢሰርዙና በውሉ ወይም በሕጉ መሠረት ገንዘቡ ለድርጅቱ የሚቀር ከሆነ ደግሞ፣ ዕዳው ተነሥቶ ገቢ የሚሆነው የመመለስ ግዴታ እንደሌለባችሁ በተረጋገጠበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ዕዳ ሆኖ ይቆያል።

አሁን መጽሐፉ ገና ስላልተዘጋ እርማቱ ቀላል ነው። ሽያጭን በ300,000 ዴቢት፣ ቅድሚያ ክፍያን በ300,000 ክሬዲት አድርገው ያንሱት፤ ቀጥሎ የሰኔ 26ቱን 240,000 ያስገቡ። ከዚያ በታክስ ማስታወቂያዎቻችሁ ላይ የታየው ሽያጭ ከመጽሐፉ ጋር ለምን እንደተለያየ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ያዘጋጁ፤ የገቢዎች መርማሪ ሁለቱን ማነጻጸሩ አይቀርምና። ለሁሉም ቅድሚያ ክፍያ ደረሰኝ ከተቆረጠና ሌላ ልዩነት ከሌለ ሒሳቡ እንዲህ ይገናኛል፦

```
የታወቀ ሽያጭ = የመጽሐፍ ሽያጭ + የዓመቱ መጨረሻ ቅድሚያ ክፍያ − የዓመቱ መጀመሪያ ቅድሚያ ክፍያ
ዘንድሮ፦   300,000 = 240,000 + 60,000 − 0
ከርሞ፦    300,000 = 360,000 + 0 − 60,000
```

ከዚህ ገጽ ጋር የግንቦት 20ውን ደረሰኝ፣ ውሉንና የሰኔ 26ቱን የተፈረመ ማስረከቢያ አያይዘው ከዓመቱ መዝጊያ ሰነዶች ጋር ያስቀምጡ፤ የሐምሌ 12ቱ ማስረከቢያ ሲፈረም ቅጂውን እዚያው ይጨምሩበት።