መልስ፦ የዓሣ መረጃ ሰንጠረዥ ላይ የቀኑን ዓምድ እንዴት ልግለጸው?

«ባሕር ዳር ጀልባዎች ሲመለሱ የምንመዘግበውን የጣና ዓሣ መረጃ መግለጫ ሰንጠረዥ እየሠራሁ ነው። ለቀኑ ዓይነት ‹ቀን› ብዬ ብጽፍ ይበቃል?»

አይበቃም ወንድሜ። መዝጋቢዎቹ የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ ኤክሴል ያንን አያውቅም። ጳጉሜ 5 ቀን 2016ን `2016-13-05` ብለህ ብታስገባ 13ኛ ወር ስለሌለው እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ይሄ እንኳን ደግ ነው፤ ወደ ግራ ተጠግቶ ስለሚቀር ዓይንህ ይይዘዋል።

የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። የካቲት 30 ቀን 2016 `2016-06-30` ተብሎ ሲገባ ኤክሴል እንደ ጁን 30 ቀን 2016 ይወስደዋል። ትክክለኛው ግን ማርች 9 ቀን 2024 ነው። የበጋው ዓሣ ክረምት ላይ ሄዶ ቁጭ ይላል፤ ምንም ስህተት አይታይም።

ስለዚህ ሁለት ዓምድ አድርገው፦

| ዓምድ | ዓይነት | የሚፈቀድ | ትርጉም |
|---|---|---|---|
| `ken_ec` | ጽሑፍ | ዓመት-ወር-ቀን፣ ወር 01–13 | ጀልባው የተመለሰበት ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር |
| `ken_gc` | ቀን | ከ`ken_ec` የተቀየረ | ያው ቀን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር |
| `asa` | ጽሑፍ | `KOR`፣ `AMB`፣ `LELA` | ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ሌላ |
| `kg` | አስርዮሽ ቁጥር | 0 እና በላይ፣ ወይም ባዶ | የዓሣው ክብደት በኪሎ፤ 0 ማለት አልተያዘም፣ ባዶ ማለት አልተመዘነም |

`ken_ec` ላይ ከ01 እስከ 12 ያሉት ወሮች ሁሉ 30 ቀን እንዳላቸው፣ 13ኛው ደግሞ 5 ወይም 6 እንደሆነ ጨምርበት። መዝጋቢው ጳጉሜ 7 ብሎ ከጻፈ ያኔውኑ ትይዘዋለህ። ዓምዱን ደግሞ ዳታ ከመግባቱ በፊት ወደ ጽሑፍ ቀይረው፤ ከገባ በኋላ ብትቀይረው ቀኑ ወደ ተራ ቁጥር ይለወጥብሃል።