ሃንድአውቱ ከተከደነ በኋላ ስለሚጀምረው ጥናት

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ዘንድሮ የነርሲንግ ትምህርት ለጀመራችሁት ነው። አናቶሚና ፊዚዮሎጂን ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ከተማሪ አንደበት ደጋግሜ የሰማሁት አቤቱታ ቢኖር «መምህር፣ እኔኮ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» የሚለው ነው። ተማሪው አይዋሽም። ሃንድአውቱን አውጥቶ ሲያሳየኝ ከዳር እስከ ዳር በቢጫና በአረንጓዴ ሀይላይተር ቀልሟል። ነገር ግን ሃንድአውቱን ከድኜ «ደም ከቀኝ ቬንትሪክል ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ስጠይቀው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ቀጥሎም «ሳየው አውቀዋለሁ» ይለኛል።

ሲያዩ ማወቅና ሳያዩ ከራስ ውስጥ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንድን ገጽ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ስታነቡ ዓረፍተ ነገሮቹ ስለለመዷችሁ ዓይናችሁ ሳይደናቀፍ ይሄዳል፤ ይህ ቅልጥፍናም «ገብቶኛል፣ ይዤዋለሁ» የሚል ስሜት ይፈጥራል። ስሜቱ የሚነግራችሁ ግን ገጹ አዲስ አለመሆኑን ብቻ ነው፤ ገጹ ከፊታችሁ ሲነሳ ምን እንደሚቀርላችሁ አይነግራችሁም። ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ስትቆሙ ደግሞ ሃንድአውቱ ከፊታችሁ የለም።

በሀይላይተር ማቅለም ከዚህም የባሰ ጉዳት አለው፤ በተለይ ለጀማሪ። ለማቅለም ዋናውን ከዝርዝሩ መለየት ያስፈልጋል፤ ጀማሪ ግን ይህን የመለየት ችሎታ ገና ስለሌለው ወይ ገጹን በሙሉ ያቀልማል፣ ወይ በደማቅ ፊደል የተጻፉትን ስሞች ብቻ ይመርጣል። ስሞቹን የሚያያይዙት «ስለሆነም»፣ «በመሆኑም» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ሳይቀለሙ ይቀራሉ። በድጋሚ ሲያነብም ዓይኑ ከቀለም ወደ ቀለም ስለሚዘል ምክንያቱን ዳግመኛ አያገኘውም።

ይህ የአንድ ሽማግሌ መምህር ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። አንደኛው የተማሪዎች ቡድን አንድን አጭር ጽሑፍ በአራት ተከታታይ ክፍለ ጊዜያት ደጋግሞ አነበበ። ሌላው ቡድን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን በባዶ ወረቀት ጻፈ። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፉን በአማካይ 14 ጊዜ ያህል አነበቡት፤ ሁለተኛዎቹ ግን ሦስት ጊዜ ተኩል ያህል ብቻ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያሸነፉት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ፤ 83 በመቶ ሲያስታውሱ ሌሎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ደጋጋሚዎቹ ወደ 40 በመቶ ሲወርዱ በባዶ ወረቀት የጻፉት 61 በመቶ ይዘው ተገኙ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ የበለጠ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

ልማዱ ለምን እንደማይለቃችሁም ከዚሁ ትረዳላችሁ። ለጠዋት ፈተና ሌሊቱን ደጋግሞ ያነበበ ሰው አንዳንድ ጊዜ ይሳካለታል፤ ዘዴው እንደሠራለትም ያምናል። ኪሳራው የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ያው ትምህርት ለሌላ ኮርስ መሠረት ሲሆን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የልብን የደም ዝውውር እንውሰድ። መጀመሪያ ሁለት ገጽ ያህሉን አንድ ጊዜ፣ ሥዕሉን ከጽሑፉ ጋር እያስተያያችሁ፣ እስኪገባችሁ ድረስ በዝግታ አንብቡ። ከዚያ ሃንድአውቱን ክደኑና በባዶ ወረቀት ላይ ደም ከቬና ካቫ ተነሥቶ አኦርታ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ጻፉ። የአንድ ጀማሪ ወረቀት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይመስላል፦ «ቬና ካቫ፣ ቀኝ አትሪየም፣ ቀኝ ቬንትሪክል፣ ሳንባ፣ ግራ አትሪየም፣ ግራ ቬንትሪክል፣ አኦርታ»። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን አራቱም ቫልቮች የሉም፤ ወደ ሳንባ የሚወስደውና ከሳንባ የሚመልሰው የደም ሥርም አልተጠቀሰም። አምስት ጊዜ ሲያነብ ያልታየው ጉድለት በአንድ ጊዜ ጽሑፍ ገሃድ ወጣ።

እዚህ ላይ ወዲያው ሃንድአውቱን መግለጥ ያምራችኋል። አትቸኩሉ። ያልመጣላችሁን ቦታ ባዶ ትታችሁ ትንሽ ታገሉት፤ ያ ትግል ራሱ የጥናቱ ዋና ክፍል ነው። ከዚያ ግለጡና በሌላ ቀለም እስክሪብቶ አርሙ። እርማቱ የግድ ነው፤ ያልታረመ ስሕተት ደግማችሁ በጻፋችሁት ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳልና። ለምሳሌ ብዙዎች «አርተሪ ሁልጊዜ ኦክስጅን የበዛበት ደም ይይዛል» ብለው ስለሚያስቡ ፐልሞናሪ አርተሪን በተሳሳተ በኩል ያስቀምጡታል። አርተሪ የሚባለው ግን ደምን ከልብ ስለሚያወጣ ነው፤ ይኸኛው የሚያወጣው ገና ኦክስጅን ለመውሰድ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደም ነው።

በማግስቱ፣ ሃንድአውቱን ሳትገልጡ፣ እንደገና በባዶ ወረቀት ጀምሩ፤ ከዚያም ከጥቂት ቀናት በኋላ ድገሙት። «አንዴ በትክክል ጽፌዋለሁ፣ ይበቃኛል» የሚለውን ሐሳብ ግን ተጠንቀቁት። እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቻቸው ጋር አጠኑ። አንዴ ያስታወሱትን ቃል ማጥናት ቢቀጥሉም በዚያ ቃል መጠየቅ የተቋረጠባቸው ከሳምንት በኋላ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ሲያስታውሱ፣ መጠየቁ የቀጠለላቸው 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ።

አንዳንዶቻችሁ «ይህማ ሽምደዳ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄያችሁ «ምን» ላይ ብቻ ከቆመ እውነት አላችሁ። ስለዚህ በሦስተኛው ዙር «ለምን»ን ጨምሩ። የግራ ቬንትሪክል ግድግዳ ከቀኙ ይልቅ ለምን ወፈረ? ደምን ወደ መላው ሰውነት መግፋት ስላለበት ነው፤ ቀኙ የሚገፋው እዚያው ጎን ላሉት ሳንባዎች ነው። የግራው ክፍል ቢደክምስ ደሙ የት ይጠራቀማል? የጻፋችሁትን መንገድ ወደ ኋላ ተከተሉት፤ ግራ አትሪየም፣ ቀጥሎም ሳንባ ትደርሳላችሁ። በጀርባው ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረውን የልብ ድካም ሕመምተኛ ስታዩ ሐሳቡ የሚመጣላችሁ ከዚያ ወረቀት ነው።

ዘዴው ወሰን አለው። ያልገባችሁን ነገር ከራሳችሁ ማውጣት አትችሉም። ወረቀቱ ባዶውን ከቀረ ወይ ክፍሉ በዝቶባችኋል፣ ወይ መጀመሪያውኑ አልገባችሁም፤ እንዲያ ሲሆን ወደ ንባብ መመለስ ነውር የለበትም። ሁለት ገጹን ወደ ግማሽ ገጽ ቀንሱና፣ የቀኙን የልብ ክፍል ብቻ አንብባችሁ፣ ክደኑና ጻፉ። ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎችንም ብቻቸውን አትመኗቸው፤ መልሱ ከአራቱ አንዱ ሆኖ ከፊታችሁ ስለተቀመጠ ያንኑ «ሳየው አውቀዋለሁ»ን ሊመልሱባችሁ ይችላሉ። ብትጠቀሙባቸው ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍናችሁ መልሱን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሀይላይተሩን ግን አትጣሉት። ባዶውን ወረቀት ካረማችሁ በኋላ ወደ ሃንድአውቱ ተመለሱና ያላስታወሳችሁትን መስመር ብቻ አቅልሙ፤ በሚቀጥለው ቀን ጥያቄ የምታወጡት ከእነዚያ መስመሮች ይሆናል።