ስልክ ላይ «አቋረጠቻት» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት

ጥያቄ፦ «ለማስተርስ ጥናቴ አዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦች ውጭ አገር ካሉ ልጆቻቸው ጋር ያወሩትን 6 የስልክ ጥሪ በፈቃዳቸው ቀርጬ ወደ ጽሑፍ ቀይሬዋለሁ። ሁለቱ ባንድ ጊዜ የተናገሩበትን ሁሉ ‹ማቋረጥ›፣ ‹እ?› እና ‹አቤት?› ያሉበትን ደግሞ ‹ስህተት› ብዬ ቆጠርኩ። አማካሪዬ እንደገና ሥሪው አለኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ነው። አይዞሽ፣ እኔም እዚያው ጉድጓድ ገብቼ ነው የወጣሁት። ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ከቆጠራው እንጀምር። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ስለተናገረ አንዱ ሌላውን አቋርጧል ማለት አይደለም። የጭውውት ተመራማሪው ኢማኑኤል ሼግሎፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ መደራረብ ባሳተመው ጽሑፍ ጠብ የሌለባቸውን አራት ዓይነት ለይቷል። አንደኛው ተናጋሪው ሊጨርስ ሲል ጫፉ ላይ የሚገባ ነው። ሁለተኛው «እህ»፣ «እሺ» እያሉ ቀጥል ማለት ነው። ሦስተኛው ሰውዬው ቃል ጠፍቶት «እንትን... እንትን...» ሲል ቃሉን ማቀበል ነው። አራተኛው እንደ ሳቅና ሰላምታ ያለ፣ አብሮ መባሉ ራሱ ወጉ የሆነ ነው።

አሁን የራስሽን ጥሪዎች የመጀመሪያ 20 ሰከንድ አስቢ። «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ሥራ እንዴት ነው» እየተባለ ከወዲያ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ» ይዘንባል። ማን ማንን አቋረጠ? ማንም። እንዲያውም አንዷ ዝም ብላ ብታዳምጥ ነው ሌላኛዋ «ምን ሆነሻል?» የምትለው። እኔ ሰላምታውን ነጥዬ ሳወጣው «ማቋረጥ» ብዬ የመዘገብኩት ነገር ግማሽ ያህሉ ጠፋ።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አሠራርም የራሱ ጣጣ አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰሚው ግሱን እስኪሰማ ይጠብቃል። ግሱ ከተሰማ በኋላ የሚመጣው «አይደል?» ወይም «እንዴ?» ግን ትርፍ ጭራ ነው። «ትመጫለሽ» ሲባል ጥያቄው አልቋል፣ መልሱ «አይደል?» ላይ ተደርቦ ቢጀምር አያስገርምም። ስለዚህ መደራረብ ስታገኚ መኖሩን ብቻ አትመዝግቢ። የትኛው ቃል፣ ከተቻለም የትኛው ፊደል ላይ እንደጀመረ ጻፊ። የጭውውት ተመራማሪዋ ጌይል ጄፈርሰን ያወጣችው የአጻጻፍ ዘዴ «[» የምትለዋን ካሬ ቅንፍ የሚጠቀመው ለዚሁ ነው።

ይህን ሁሉ ካደረግኩ በኋላ ግን አንድ ዓይነት መደራረብ አልፈታ አለኝ። ተናጋሪዋ ገና መጀመሯ ነው፣ ሌላኛዋ ከች ትላለች፣ ከዚያ መኮራረፍ ቢጤ ይመጣል። አንዱን ላሳይሽ። አክስቴ አዲስ አበባ ናት፣ ልጇ ሜሪላንድ። የቀረጽኩት አክስቴ ቤት ሆኜ ነው። በቅንፍ ያለው ቁጥር የዝምታው ርዝመት በሰከንድ ነው።

እናት፦ ለፋሲካ ትመጫለሽ አይደል?
(0.7)
እናት፦ ካል[ተመቸሽ ግን
ልጅ፦ [እመጣለሁ እማዬ
(1.1)
ልጅ፦ ምነው፣ አትምጪ ነው?
እናት፦ እ?

በዚያን ጊዜ የጻፍኩት ትንታኔ ዛሬ ያሳፍረኛል። «ልጅቷ ለመመለስ አመነታች፣ እናት ደግሞ ማመንታቷን አይታ መውጫ ሰጠቻት፣ ልጅቷም ተቆጣች» ብዬ ነበር። አነባበቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በ10 ቋንቋዎች ላይ የወጣ ጥናት ለአዎ ወይም አይ ጥያቄ መልስ የሚመጣው በአማካይ በ0.2 ሰከንድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። መልስ ሲዘገይ ደግሞ ብዙ ጊዜ «አይ» ወይም «ግን» ይከተላል። ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል። 0.7 ሰከንድ ዝም ሲባል እናት «ካልተመቸሽ ግን» ብላ ጥያቄዋን ማለስለሷ ትክክለኛ ስሜት ነው። ያላለቀልኝ የልጅቷ መቆጣት ነበር። «እመጣለሁ» ብላ ወዲያው «አትምጪ ነው?» ምን አመጣው?

ነገሩ የተፈታው ልጅቷም በራሷ በኩል ቀርጻው እንደነበር ስትነግረኝ ነው። ፋይሉን ላከችልኝ። ያው ጥሪ፣ ያው ደቂቃ፣ እዚያ ጫፍ ግን እንዲህ ነው የሚሰማው።

እናት፦ ለፋሲካ ትመጫለሽ አይደል?
(0.1)
ልጅ፦ እመጣለሁ [እማዬ
እናት፦ [ካልተመቸሽ ግን
(0.4)
ልጅ፦ ምነው፣ አትምጪ ነው?

ልጅቷ አላመነታችም! ጥያቄው ጆሮዋ በደረሰ በ0.1 ሰከንድ መልሳለች። ድምፁ ግን ለመሄድ 0.4፣ ለመመለስ ሌላ 0.4 ፈጀበት። ስለዚህ እናት ዘንድ መልሱ የደረሰው 0.9 ሰከንድ ቆይቶ ነው። እሷ ደግሞ 0.9 አልጠበቀችም፣ በ0.7 ጀመረች። በልጅቷ ጆሮ የሆነውን አስቢው። «እመጣለሁ» ብላ ተናግራ ጨርሳለች፣ «እማዬ» እያለች እናቷ «ካልተመቸሽ ግን» አለቻት። አዎ ለተባለ ጥያቄ «ካልተመቸሽ» ማለት ምንድን ነው? እንዳልመጣ ፈለገች ማለት ነው። «አትምጪ ነው?» አለች። እናት በበኩሏ ልጇ ይህን የምትለው ለምን እንደሆነ አልገባትም፣ «እ?» አለች።

አየሽ፣ ሁለት የተለያየ ጭውውት ነው ያለው። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሜሪላንድ። ሁለቱም በየራሳቸው ጆሮ ልክ ናቸው። እኔ አንዱን ብቻ ይዤ ነው ስለ ሁለቱም የጻፍኩት።

መዘግየቱን ለመለካት የሁለቱን ስልክ ሰዓት ማገናኘት አያስፈልግሽም። ሁለቱንም ፋይል Praat በሚባለው የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም ላይ ክፈቺ። በአንዱ ፋይል ከእናትየው «አይደል?» ማለቂያ እስከ ልጅቷ «እመጣለሁ» መጀመሪያ ያለውን ክፍተት ለኪ። በሌላውም እንደዚሁ። የእኔ 0.9 እና 0.1 ነበሩ፣ ልዩነቱ 0.8 የደርሶ መልስ መዘግየት ነው። ለአንድ መንገድ ግማሹን 0.4 ብያለሁ፤ ይህ ግን ግምት ነው፣ መሄጃውና መመለሻው እኩል ላይሆን ይችላል። በዚያ ላይ በዚያው ጥሪ ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል አንድ ቦታ ለክተሽ አትተዪው። እኔ በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንድ ጥያቄና መልስ እየመረጥኩ ነው የለካሁት። ለማነጻጸር ያህል፣ ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት G.114 በሚባለው ምክረ ሐሳቡ ለአንድ መንገድ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ያለውን ደህና ይለዋል፣ ከ400 በላይ እንዳይሆን ደግሞ ይመክራል። የእኛዎቹ ጫፉ ላይ ነበሩ።

አሁን ወደ «ስህተት» ወዳልሻቸው እንምጣ። እነሱ ስህተት አይደሉም፣ ጥገና ናቸው፤ ያልተሰማውን ወይም ያልገባውን ነገር ማቃኛ ማለት ነው። ሼግሎፍ፣ ጄፈርሰንና ሃርቪ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጽሑፍ «እርማት» የሚለውን ቃል የተዉት አውቀው ነው። ምንም ሳይሳሳቱ መስመሩ ቢንኮሻኮሽ ጥገና ይመጣል፣ ሰው ተሳስቶም ማንም ሳይጠግነው ያልፋል። ብዛቱም አያስደንግጥሽ። እ.ኤ.አ. በ2015 በ12 ቋንቋዎች ላይ በተሠራ ጥናት ሰሚ የሚጀምረው ጥገና በአማካይ በየ1.4 ደቂቃው ይመጣል።

ልታዪ የሚገባሽ ጠያቂዋ ምን ያህል እንደያዘች ነው። «እ?» ያለች ሰው ችግሩ የት እንዳለ አልነገረችሽም። «መቼ?» ያለች ሌላውን ሁሉ ሰምታለች፣ ጊዜው ብቻ ነው ያመለጣት። በዚያው ጥሪ ኋላ ላይ እናት «እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ደውይልኝ» ትላለች። ልጅቷ «በናንተ ሦስት ሰዓት?» ትላለች። ይህ ቃል የጠፋበት ሰው ጥያቄ አይደለም፣ አንድም ፊደል አላመለጣትም። እሷን ያጠራጠራት የቱ ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ነው። እናት «አዎ፣ ከቅዳሴ መልስ» ብላ ዘጋችው። ከቅዳሴ መልስ ማለቷ ጠዋት መሆኑን ስለሚያስታውቅ «በፈረንጅ ዘጠኝ» ማለት አላስፈለጋትም። አንቺ እንዲህ ያለውን ከ«እ?» ጋር አንድ ላይ ደምረሽዋል ማለት ነው።

«አቤት?» ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በይ። ልጅ ለእናቷ «ምን?» አትልም፣ ብትል «ምን አይባልም!» ትባላለች። ስለዚህ በልጅ አፍ «አቤት?» የ«እ?» ቦታ ይዟል። ግን ስሟ ሲጠራም «አቤት» ነው የምትለው። የትኛው እንደሆነ ከቃሉ አታውቂም፣ ከሱ በኋላ እናት ምን አደረገች ብለሽ ነው የምታውቂው። የተናገረችውን ከደገመች ጥገና ነበር። ወደ አዲስ ነገር ካለፈች ስሟ ሲጠራ የሰጠችው መልስ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንላትን ነገር ስልክ ብዙ ጊዜ ይበላታል። ጩኸት ማጥፊያው እንደ ሁካታ ነው የሚቆጥራት። አንዷ «እ» እያለች ትስባለች፣ ሌላዋ «ሃሎ? አለሽ?» ትላለች። ከ«አለሽ?» በፊት የጎደለ ነገር ካለ ትንፋሽ በሳበችዋ በኩል የተቀረጸውን ቅጂ አዳምጪ።

ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ያወሩበት ጥሪ ካለሽ ደግሞ መደራረቡን ጨርሶ አትመኚው። ማሚቶ እንዳይፈጠር ስልኩ አንዱን ድምፅ ይጫነዋል። ምልክቱ የቃሉ መጀመሪያ መቆረጡ ነው፣ «ካልተመቸሽ» ሳይሆን «...መቸሽ» ትሰሚያለሽ፣ ከጀርባ ያለው የቤት ጫጫታም አብሮ ድርግም ይላል። እኔ ሁለት ጥሪ በዚህ ምክንያት ጥያለሁ።

እና ምን ታደርጊ? መጀመሪያ ተሳታፊዎችሽን በወዲያኛው ጫፍ የቀረጸ ካለ ጠይቂ። ከ6ቱ የሁለቱ እንኳ ከተገኘ ይበቃሻል፣ የቀሩትን በነሱ ሚዛን ታነቢያቸዋለሽ። ካልተገኘ ትንታኔሽን ባለሽ ጫፍ ወስኚው። «እናት ይህን ሰማች፣ ስለዚህ ይህን አለች» ማለት ትችያለሽ። «ልጅቷ አመነታች» የሚለውን ግን አውጪው። የዝምታውን ቁጥር ከጎኑ «አዲስ አበባ ላይ እንደተሰማው» ብለሽ ጻፊበት።