በስፓኒሽ የሚነገር አጭር ስንብት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱን ጥያቄዎች የአንድ ግብዣ ዝግጅት ስለሆኑ አንድ ላይ መልሰናቸዋል።

«የሒሳብ መምህርታችን በልጅነታቸው ኩባ የተማሩ ናቸው። ዘንድሮ ጡረታ ሲወጡ በትምህርት ቤቱ ግብዣ ላይ በስፓኒሽ ሁለት ደቂቃ እንድናገር ተመርጫለሁ። ቋንቋውን ጥቂት ጥቂት ነው የምችለው፤ ምን ልበል?»

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ ወደተባለው የኩባ ደሴት ከተላኩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ልጆች መካከል ከሆኑ፣ መምህርትዎ ስፓኒሹን የለመዱት በትምህርት ቤት አዳሪነት ነውና የተሸመደደውን ካመኑበት ቃል ወዲያው ይለዩታል። ስለዚህ ሁለቱን ደቂቃ ለመሙላት ከመድከም ይልቅ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ፣ እያንዳንዱን ቃል የሚያውቁት ንግግር ያዘጋጁ። ሰላምታ፣ መምህርቷ ዘወትር ያደርጉት የነበረ አንድ ነገር፣ አንድ ቀን ለእርስዎ ያደረጉት አንድ ነገር፣ ምስጋናና ምኞት ይበቃል። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ኬሪዳ ፕሮፌሶራ፦ ኡስቴድ ሴ ኬዳባ ዴስፕዌስ ዴ ክላሴ ኮን ሎስ ኬ ኖ ኤንቴንዲያን። ኩዋንዶ ዮ ኤምፔሴ፣ ኡስቴድ ሜ ፕሬስቶ ሱ ኩዋዴርኖ። ግራስያስ ፖር ሱ ፓሴንስያ። ኬ ዲስፍሩቴ ሱ ሁቢላስዮን።»

ትርጉሙም፦ «ውድ መምህርት፣ ያልገባቸውን ይዘው ከክፍል በኋላ ይቆዩ ነበር። እኔ ሥራ ስጀምር ደብተርዎን አዋሱኝ። ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። የጡረታ ዘመንዎ ደስ የሚያሰኝ ይሁን» ማለት ነው። «ኬዳባ» ይቆዩ ነበር፣ «ፕሬስቶ» ደግሞ አዋሱኝ የሚለውን የአንድ ጊዜ ድርጊት ስለሚያመለክት፣ አማርኛ ተናጋሪ «ነበር» የሚልበትን ቦታ ካሰበ በአብዛኛው አይሳሳትም። አደጋው ያለው ድምፁ ላይ ነው፦ «ፕሬስቶ» ሲባል ኃይሉ በመጨረሻው ፊደል «ቶ» ላይ ካላረፈና «ፕሬ» ላይ ከወደቀ «አውሳለሁ» ይሆናል፤ መምህርቷ ያዋሱትን ደብተር እርስዎ የሚያውሱ ይመስላል። ስለዚህ በወረቀትዎ ላይ ኃይል የሚያርፍበትን ፊደል ያስምሩበት፤ «ኤምፔሴ» ላይም «ሴ»ን፣ «ሁቢላስዮን» ላይም «ዮን»ን።

«እኔ ከመምህርቷ ጋር ሃያ ዓመት ስለሠራሁ አንቺ ነው የምላቸው። በስፓኒሽም አንቺ ልበል ወይስ እርስዎ?»

ኩባውያን «ቱ» የሚለውን የቅርበት አጠራር በብዛት ስለሚጠቀሙ እርስዎም «ቱ» ቢሉ ነውር የለውም። ሆኖም ርእሰ መምህሩና ወላጆች በተሰበሰቡበት መድረክ ላይ፣ ለባልደረቦች ሁሉ ወክሎ ለሚናገር ሰው «ኡስቴድ» ይሻላል ባይ ነኝ። የሚያስነውረው ሁለቱን መቀላቀል ነው፦ «ኡስቴድ» ብለው ጀምረው «ግራስያስ ፖር ቱ ፓሴንስያ» ቢሉ፣ በአማርኛ «እርስዎ» ብሎ በ«ትዕግሥትሽ» እንደ መጨረስ ነው። «ቱ» ከመረጡ ግሡም ይለወጣል፤ «ሴ ኬዳባ» የነበረው «ቴ ኬዳባስ»፣ «ፕሬስቶ» የነበረው ደግሞ «ፕሬስታስቴ» ይሆናል። ተሰብሳቢውን በሙሉ ሲጠሩ ግን ለወዳጅም ለባለሥልጣንም በኩባ አነጋገር «ኡስቴዴስ» ብቻ ነው።

«እኔ ሴት ነኝ፤ የምሰናበታቸው መምህር ወንድ ናቸው። ‹ውለታዎ አለብኝ› ስል ቃሉን በእሳቸው ጾታ ነው ወይስ በእኔ?»

በራስዎ። «ኤስቶይ ሙይ አግራዴሲዳ» ይበሉ፤ ወንድ ቢናገረው «አግራዴሲዶ»፣ ሴትና ወንድ አንድ ላይ ቢያመሰግኑ «ኤስታሞስ ሙይ አግራዴሲዶስ» ይሆናል። አማርኛ «አመሰግናለሁ» ላይ የተናጋሪውን ጾታ ስለማያሳይ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። በእሳቸው ጾታ የሚለወጠው የመክፈቻ ጥሪው ነው፤ «ኬሪዶ ፕሮፌሶር» ይባላል።

«ንግግሩን ‹አስታ ስዬምፕሬ› ብዬ ብጨርስ ያምራል?»

ያምራል፤ ግን የመጨረሻ መለያየት ይሸተዋል፣ ለሞተ ሰውም ይባላል። መምህርዎ ከጅማ የማይለቁ ከሆነ፣ በሳምንቱ ገበያ ላይ ሊያገኟቸው ይችላሉና «አስታ ፕሮንቶ» ይበሏቸው፤ በቅርቡ እንገናኝ ማለት ነው። «አድዮስ»ም ስሕተት አይደለም፤ ከመድረክ ላይ ሲነገር ግን ቁርጥ ያለ ይሆናል።

«አብዛኛው ታዳሚ ስፓኒሽ አይሰማም። በየዐረፍተ ነገሩ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይተርጎም?»

አይተርጎም። ለአንድ ደቂቃ ንግግር በየመሐሉ ሁለት አስተርጓሚ ከገባበት ተናጋሪው ክሩ ይጠፋበታል፣ ባለጉዳይዋም ቋንቋቸውን ሳይጠግቡ ይቀራሉ። አስተዋዋቂው አስቀድሞ በሁለቱም ቋንቋዎች መምህርቷ የት እንደተማሩና ንግግሩ ስለምን እንደሆነ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይናገር፤ ከዚያ ስፓኒሹ ሳይቋረጥ ይሰማ። ደብተሩ ካለ ደግሞ ተናጋሪው በዚያው ሰዓት በእጁ ይያዘው፤ ቋንቋውን ያልሰማም ነገሩን ይረዳል። ኬክ ከመቆረሱና ቡና ከመቅረቡ በፊት ይሁን፤ ሲኒ መንኳኳት ከጀመረ በኋላ ግን «ፕሬስቶ»ን ማንም አጥርቶ አይሰማውም።