ዜናው 50 ለ 50 ሲል አትመኑ

«ሁለት ኩባንያዎች በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት አለ። ሸሪኮቹ በትክክል እነማን ናቸው? ማን ስንት ፐርሰንት አለው? ዜና ላይ 50 ለ 50 ይላል፤ እሱን ይዤ ሪፖርት ብጽፍ ይበቃል?»

አይበቃም ወዳጄ።

1. ስሙ አያታልልህ። የጃፓኑን የፎቶኮፒ ማሽን አምራች ፉጂ ዜሮክስን እንውሰድ። ስሙን ያየ ሰው ሸሪኮቹ ፉጂና ዜሮክስ ናቸው ብሎ ይዘጋዋል። በ1962 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ግን ግማሹን የያዘው ፉጂ ፎቶ ፊልም፣ ሌላውን ግማሽ የያዘው ራንክ ዜሮክስ ነበር። ራንክ ዜሮክስ ደግሞ ራሱ የአሜሪካው ዜሮክስና የእንግሊዙ ራንክ ኦርጋናይዜሽን የጋራ ድርጅት ነበር። ስለዚህ መዝገብ ላይ ያለውን ባለድርሻና ከጀርባው ያለውን እናት ኩባንያ ለየብቻ ጻፍ። እናትየው ከመካከለኛው ድርጅት 60 ፐርሰንት ቢኖራት፣ መካከለኛው ደግሞ ከጋራው ድርጅት 50 ቢይዝ፣ የእሷ ድርሻ ተባዝቶ 30 ነው የሚሆነው።

2. ቀን የሌለው ፐርሰንት ዋጋ የለውም። በ2001 ፉጂ ድርሻውን ወደ 75 አሳደገ፣ ለዜሮክስ 25 ቀረ። በ2019 ፉጂ እሱንም ለመግዛት ተስማማ። ስሙ ግን እስከ 2021 ድረስ ፉጂ ዜሮክስ ነበር! የድሮ ዜና ይዞ 50 ለ 50 ብሎ የሚጽፍ ሰው ዛሬም አይጠፋም።

3. የሁለቱንም ሸሪኮች ዓመታዊ ሪፖርት አውጣ። ከሒሳቡ ኋላ ባለው ማብራሪያ ውስጥ የጋራ ድርጅቶችን ዝርዝር ፈልግና ቁጥሮቹን ደምር። እኔ አንዴ የሌላ የጋራ ድርጅት ድርሻ ስደምር አንደኛው 49፣ ሌላኛውም 49 ሆነብኝ። አለቃዬ «የታይፕ ስህተት ነው፣ አንዱን 51 አድርገው» አለኝ። እምቢ አልኩ። ንግድ መዝገብ ቤት ሄጄ የባለአክሲዮኖች ዝርዝር ጠየቅኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላም ሳታየኝ «አንተ ባለአክሲዮን ነህ እንዴ?» አለችኝ። ሰነዱ እኮ ለማንም ክፍት ነው! በቃል ስትመልሰኝ ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቼ ቁጥር አስያዝኩ። እንደዛ ሲሆን ፋይሉ «ተገኘ»። ማንም ያልጠቀሰው ሦስተኛ ባለድርሻ 2 ፐርሰንት ይዞ ተቀምጧል። ሁለቱ ትልልቆች ሲጣሉ ድምፁ የሚወስነው የእሱ ነው። አለቃዬ አመሰግናለሁ እንኳን አላለም፣ ሪፖርቱን ግን በራሱ ስም አቀረበው።

ከዝርዝሩ ጋር መመሥረቻ ጽሑፉንም ጠይቅ። የድምፅ መብትና የትርፍ ክፍፍል ከአክሲዮን ድርሻው ሊለዩ ይችላሉ። 51 ለ 49 ሆኖም ትልልቅ ውሳኔዎች የሁለቱንም ስምምነት የሚጠይቁ ከሆነ ባለ 51ዱ ብቻውን አያዝም። አንተ ጋ ያለው ዜና የየትኛው ዓመት ነው? እስኪ ጻፍልን።