76 ወጣ፣ መልሱ 38 ነው፦ የጠፋችው ጭረት

«ሰላም ጋሼ። የልጄ የሒሳብ የቤት ሥራ ነው፤ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ጎነ ሦስት ነው። ከላይ ሀ፣ ከታች በግራ ለ፣ በቀኝ መ አለ። ከሀ የሚወርድ መስመር ለመ ላይ ሰ የምትባል ነጥብ ጋ ያርፋል። ሀ ጋ 28 ዲግሪ ይላል፣ መ ጋ x። እኛ 76 አገኘን፤ መልስ ገጹ ግን 38 ይላል። አጎቷም በቀይ እስክሪፕቶ ሠርቶ መጽሐፉ ተሳስቷል አለን። በፕሮትራክተር ብንለካውም 38 አይመጣም። የቱ ነው ትክክል?»

እህቴ፣ መጽሐፉ አልተሳሳተም። ፕሮትራክተሩን ግን መጀመሪያ ወደ ቦርሳው ይመልሱልኝ። ፎቶ ላይ ፕሮትራክተር አይቀመጥም። ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

ፎቶውን አሳድጌ ከማየቴ በፊት ነው ነገሩን የጠረጠርኩት። 76 የ38 ልክ እጥፍ ነው። መልሳችሁ በሁለት ወይም በሦስት ዲግሪ ቢለይ ኖሮ መቀነስ ላይ ተሳስታችኋል እል ነበር። ልክ እጥፍ ሲሆን ግን ስሌቱ ደህና ነው፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ጎኖች እኩል መሆናቸውን ለማሳየት መስመር ወገብ ላይ የምትደረገዋን አጭር ጭረት። አንዷ ጠፍታለች፣ ወይም የሌላ መስመር ተደርጋ ተቆጥራለች።

አሳድጌ ሳየው ሁለቱም ደርሶባታል። ሀለ ወገብ ላይ አንድ ጭረት አለ፣ ጥርት ያለ። ሀሰ ወገብ ላይም አንድ አለ። ሰመ መሀል ላይ ግን ያለችው ትንሽ ግራጫ ነጥብ ናት። ወረቀቱ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው፤ ቀለሙ ያለቀበት ማሽን ቀጭን መስመር ላይ ምሕረት የለውም። ከዚያ ደግሞ ስልኩ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ የሚያደርገው የስካን ነገር የቀረችውን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠረጋት። ያ ማጣሪያ ለደረሰኝ ጥሩ ነው። ለጂኦሜትሪ ግን ጠላት ነው።

የአጎትየው ጥገና ደግሞ አለ። ይቅር ይበሉኝና፣ ቀዩ እስክሪፕቶ ከማሽኑ የበለጠ ጎድቶታል። ሀመ ላይ የራሱን ጭረት ጨምሮበታል። ሥዕሉ በዓይን ሲታይ ሀለ እና ሀመ እኩል ስለመሰሉት መሆን አለበት። በዓይን የመሰለ ነገር ሥዕል ላይ አይጻፍም። ያቺ ቀይ ጭረት ናት 76ን ያመጣችው፦ ሀለ ከሀመ እኩል ከሆነ ለ እና መ ጋ ያሉት ማዕዘኖች እኩል ይሆናሉ፣ ለ ደግሞ 76 ነው፣ ስለዚህ x 76። አካሄዱ ስሕተት የለበትም፤ የተነሣበት ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

ይህ መልስ ራሱን እንዴት እንደሚያፈርስ ይመልከቱ። ለ 76፣ መ 76 ከሆኑ፣ ተደምረው 152 ናቸው። ከ180 ሲቀነስ ሀ ጋ ለጠቅላላው ማዕዘን የሚተርፈው 28 ብቻ ነው። 28ቱን ግን በሀለ እና በሀሰ መካከል ያለችው ቁራጭ ብቻዋን ወስዳዋለች። በሀሰ እና በሀመ መካከል ዜሮ ቀረ ማለት ነው። ሰ ሄዳ መ ላይ ተለጠፈች፣ በቀኝ ያለው ጎነ ሦስትም የለም። ወረቀቱ ላይ ግን አፍጥጦ ይታያል።

ያቺ ግራጫ ነጥብ ጭረት እንጂ ጉድፍ አለመሆኗን በምን አወቅሁ? ጭረቷ የለችም እንበል። አሁን መን በጣትዎ ይያዟትና በመሠረቱ መስመር ላይ ወደ ቀኝ ይጎትቷት። ሀ፣ ለ እና ሰ ከቦታቸው አይነቃነቁም። 28ቱ 28 ነው፣ ሀለ እና ሀሰ አሁንም እኩል ናቸው። x ግን እየጠበበች ትሄዳለች። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሳይነካ x የምትለዋወጥ ከሆነ መልስ ሊኖራት አይችልም። አንድ ማሰሪያ ጎድሏል ማለት ነው። ስለዚህ ተመልሼ ጭረት የምፈልገው መ ወደምትነካቸው መስመሮች ነው። ሰመ መሀል ላይ አገኘኋት።

ጎን ስትቆጥሩ ለመ አንድ ረጅም መስመር ቢመስልም ሰ ለሁለት ከፍላዋለች። ጭረት የምትሆነው በግራና በቀኝ በጣም ለሚቀርቧት ሁለት ነጥቦች ነው። ስለዚህ ነጥቧ የሰመ ናት፣ የለመ አይደለችም። አንድ ጭረት ያላቸው ሁሉ እርስ በርስ እኩል ናቸው። ሁለት ጭረት ያላቸው ደግሞ ለብቻቸው እኩል ናቸው፤ ያ ማለት ግን አንድ ጭረት ካላቸው ይለያሉ ማለት አይደለም፣ ስለዚያ ምንም አልተባለም።

እንግዲህ በትክክል ሲነበብ ሀለ፣ ሀሰ እና ሰመ ሦስቱም እኩል ናቸው። 28ን የያዘችው ቅስት ደግሞ ከሀለ ተነሥታ ሀሰ ጋ ታቆማለች። ቅስቷን በጣት ተከትሎ የት እንደምታበቃ ማየት ነው። ወደ ሀመ ድረስ ሄዳ ቢሆን ኖሮ፣ በእነዚሁ ሦስት ጭረቶች፣ ለ እና ሰ ጋ የሚመጡት ማዕዘኖች ሁለቱ ብቻ ከ202 ዲግሪ ይበልጡ ነበር። እንዲህ ያለ ጎነ ሦስት የለም።

በግራ ያለው ቀላል ነው። ሀለ እና ሀሰ እኩል ስለሆኑ ለ እና ሰ ጋ ያሉት ማዕዘኖች እኩል ናቸው። 180 ሲቀነስ 28፣ 152። ለሁለት ሲካፈል 76። እዚህ ድረስ እናንተም ደርሳችኋል።

አሁን የምወደው ቦታ ላይ ደረስን፤ ትንሽ ብቆይበት ይታገሡኝ። በቀኝ ያለውን ሀሰመን ብቻ ከአሮጌ ደብተር ሽፋን ላይ ቆርጣችሁ አውጡ። ጠረጴዛው ላይ ባለ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር በማስመሪያ አስምሩ። ሰመ መስመሩ ላይ እንዲተኛ፣ መስመሩም ከሰ ወደ ግራ እንዲቀጥል አድርጋችሁ ቁራጩን አስቀምጡት። ሰ ጋ፣ ከቁራጩ ውጭ በግራ በኩል፣ በሀሰ እና በመስመሩ መካከል ባዶ ቦታ አለ። መጽሐፉ ውጫዊ ዘዌ የሚለው ይህንን ነው። አሁን የሀን እና የመን ጫፍ በእጅ ቅደዱ፣ በመቀስ አይደለም፣ የትኛው ጫፍ እንደሆነ እንዲታወቅ ሻካራው ጠርዝ ያስፈልገናል። ሁለቱን ጫፎች በሹል በኩል ሰ ላይ ገጥማችሁ በዚያ ባዶ ቦታ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ግጥም ይላሉ። አይተርፍም፣ አይጎድልም።

ለምን? የአንድ ጎነ ሦስት ሦስት ማዕዘኖች አንድ ላይ 180 ናቸው፣ ማለትም ቀጥ ያለ መስመር። ሰ ጋ ያለውም መስመር ቀጥ ያለ ነው። የሰ የራሱ ማዕዘን በሁለቱም ሒሳብ ውስጥ አለ። እሱን ከሁለቱም ሲያነሡት በአንደኛው የሀ እና የመ ማዕዘን ይቀራሉ፣ በሌላኛው ባዶው ቦታ ይቀራል። የቀሩት እኩል ናቸው።

አሁን ሀሰ እና ሰመ እኩል መሆናቸው ይገባል። ሌላ ቁራጭ ቆርጣችሁ ሰ ላይ እጠፉት፣ ሀሰ ሰመ ላይ እንዲተኛ። ርዝመታቸው እኩል ስለሆነ ሀ ልክ መ ላይ ያርፋል፤ ማዕዘናቸውም አንዱ በሌላው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ባዶውን ቦታ የሞሉት ሁለት ጫፎች መንታ ናቸው። አንዱ x ከሆነ ሌላውም x ነው። ውጫዊው ማዕዘን 2x ነው። ልክ እጥፉን ሳይ የጠረጠርኩት በዚህ የተነሣ ነው፤ እኩል ጎኖች ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሲገናኙ እጥፍ የሚወለደው እዚያው ነው።

ያ ውጫዊ ማዕዘን ደግሞ የግራው ጎነ ሦስት የሰ ማዕዘን ራሱ ነው፣ 76። 2x 76 ከሆነ x 38። ለማረጋገጥ ትልቁን ጎነ ሦስት ይውሰዱ፦ ሀ ጋ 28 እና 38 ተደምረው 66፣ ለ ጋ 76፣ መ ጋ 38። ድምሩ 180። አሁን ሰ የራሷ ቦታ አላት።

ስለ ፕሮትራክተሩ ቃል ገብቼ ነበር። ፎቶው ከጎን፣ አንጋዶ የተነሣ ነው፤ የወረቀቱ ራሱ ጠርዝ ጠባብና ሰፊ ሆኖ ይታያል። ስልክ ሲያጋድል ማዕዘንና ርዝመት ይለወጣሉ። የማይለወጠው ቀጥ ያለ መስመር ቀጥ ማለቱ፣ የትኛው ነጥብ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ፣ ስንት ጭረት እንዳለ፣ የተጻፈውም ቁጥር ነው። የሚነበበውም ይኸው ብቻ ነው። መጽሐፉ ራሱ ላይ ቢለኩትም ሠዓሊው 28ን 40 አስመስሎ ሊስለው ይችላል፤ ማንም አይከለክለውም። እነዚያ ቁጥራቸው የተፋቀ ርካሽ ላስቲክ ፕሮትራክተሮች ደግሞ መሀላቸው ራሱ መሀል አይደለም። ፎቶ ላይ ፕሮትራክተር አይቀመጥም።

በሚቀጥለው ጊዜ ከተቻለ ከመጽሐፉ ከራሱ ያንሡት። ገጹን ዘርግተው፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገው፣ ብርሃን ከጎን እንዲመጣ መስኮት አጠገብ። የስካኑን ነገር ያጥፉት፣ ባለ ቀለም ይሁን። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር መሀሉ ላይ አሳድገው ጭረት ይቁጠሩ፤ የተቆጠረውን በሌላ ወረቀት ላይ «ሀለ አንድ፣ ሀሰ አንድ፣ ሰመ አንድ» ብለው ይጻፉ። ሥዕሉ ላይ ግን ማንም እስክሪፕቶ አያሳርፍ፣ አጎቷም ቢሆን።

ልጅቷ እንደገባት ለማየት 28ን በ100 ቀይረው ይስጧት፣ ጭረቶቹ እንዳሉ ሆነው። ለ ጋ 40፣ መ ጋ 20 ማግኘት አለባት። ሥዕሉን ደግመው አይሳሉላት፤ በዚያው በተጋደመው ሥዕል ላይ ትሥራው።