ከማስጠናት የማገኘውን ሁሉ ለዕዳ ልስጥ?

«አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ሁሉ ነገር ተቆራርጦ በወር 11,200 ብር እጄ ይገባል። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርትና ለእናቴ የምልከው ሲደመር ወጪዬ 13,000 አካባቢ ነው። እናቴ ታማ በነበረ ጊዜ ከአክስቴ ያለ ወለድ ተበድሬ አሁን 72,000 ይቀረኛል። እስከ ክረምት እንድጨርስላት ትፈልጋለች። ለዚሁ ብዬ ማታ ማታ ሦስት ቤት አስጠናለሁ፤ እያንዳንዱ 4,000 ይከፍላል። ለታክሲና ለፎቶ ኮፒ 1,500 ያህል ይወጣል። በጥቅምት ያገኘሁትን 12,000 እንዳለ ለአክስቴ ሰጠኋት። ወሩ ሳያልቅ ገንዘብ አጠረኝና በስልክ 5,000 ተበደርኩ፤ በ30 ቀን 5,400 አድርጌ እመልሳለሁ። ከሚገባልኝ ገንዘብ ስንት ስንቱን ለዕዳ ላውጣ? አራተኛ ቤትስ ልያዝ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ጥቅምት ላይ የሆነውን እንየው። ደመወዝሽ ወጪሽን አይሸፍንም፤ በየወሩ 1,800 ይጎድላል። ማስጠናቱ ራሱ 1,500 ይፈጃል። ስለዚህ ከ12,000ው ውስጥ 3,300 ብሩ ገና ከመግባቱ ሥራ ነበረው። አንቺ እሱንም ጨምረሽ ለአክስትሽ ሰጠሽና ጉድለቱን በስልክ ብድር ሞላሽው። ወለድ የሌለውን ዕዳ ቀንሰሽ ወለድ ያለበት ዕዳ ገባሽ ማለት ነው። 400 ብር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን የ5,000 ብር 8 በመቶ ናት፣ ያውም ለአንድ ወር። በየወሩ ብትደጋግሚው በዓመት 4,800 ብር ትከፍያለሽ። የተበደርሽውን ያህል ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ስለዚህ የኅዳር ገንዘብ ለአክስትሽ አይሄድም። ከ12,000ው 3,300ውን ለወጪሽ ስታነሺ 8,700 ይቀራል። ከዚያ 5,400ውን ለስልኩ ብድር ክፈዪና ዝጊው። የሚተርፈው 3,300 መጠባበቂያሽ ይሁን። ለአክስትሽ «ይህን ወር ዝለይልኝ» ብለሽ ምክንያቱን ንገሪያት። ጥቅምት ላይ 12,000 የተቀበለች ሰው ይህን የምትረዳ ይመስለኛል።

ከታኅሣሥ ጀምሮ አንድ ቤት 4,000 በከፈለ ቁጥር 2,200ውን ለአክስትሽ ላኪ። 55 በመቶ መሆኑ ነው። ቁጥሩን ዝም ብዬ አላመጣሁትም። ከቀሪው 1,800 ውስጥ 500ው የታክሲና የፎቶ ኮፒ፣ 600ው የደመወዝሽ ጉድለት፣ 700ው የመጠባበቂያ ነው። አሥራት የምታወጪ ከሆነ ከጠቅላላው ላይ ነው ወይስ ከተጣራው የሚለውን አሁኑኑ ወስኚ። አለበለዚያ በየወሩ ከ700ው ላይ እየተቆረሰ መጠባበቂያው ባዶ ይቀራል።

«በወር 6,600 ክፈዪ» ብዬ ያላልኩሽ በምክንያት ነው። ወላጆች ሁሉም በአንድ ቀን አይከፍሉም። አንዱ ወር ሲገባ፣ ሌላው አጋማሽ ላይ፣ ሦስተኛው «ከበዓሉ በኋላ» ይላል። የወር መጨረሻን የምትጠብቂ ከሆነ ቀድሞ የገባው ብር ሌላ ቀዳዳ ይደፍናል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ፣ በገባበት ቀን ስትልኪ ግን ያልተከፈለሽን ገንዘብ አትከፍይም። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ «የብድር ክፍያ» ብለሽ ሙይ። አክስት ብትሆንም ስንት እንደቀረ በቃል መከራከር ደስ አይልም።

ይህ ስሌት የሚይዘው ቢያንስ ሁለት ቤት ሲኖርሽ ነው። ሁለት ቤት ብቻ ከቀረሽ 8,000 ይገባል። 4,400 ለአክስትሽ፣ 1,000 ለታክሲና ፎቶ ኮፒ፣ 1,800 ለጉድለት ይሄድና 800 ይተርፋል፤ ያስኬዳል። አንድ ቤት ብቻ ሲቀር ግን አይሆንም። ታክሲና ፎቶ ኮፒው ወደ 500 ይወርዳል፣ ጉድለቱ ግን ያው 1,800 ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 2,300። ከ4,000ው ላይ 2,200 ብትልኪ 500 ትጎድይና ተመልሰሽ ስልክሽን ማየት ትጀምሪያለሽ። እንዲህ ባለ ወር ወደ 30 በመቶ፣ ማለትም ወደ 1,200 ውረጂ። በእጅሽ 500 ይቀራል።

ዋናው ፈተና ክረምቱ ነው። አስጠኚ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፈተና ካለቀ በኋላ ደዋይ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ጭር ይላሉ፣ መስከረምም እስኪሟሟቅ ጊዜ ይወስዳል። ሦስቱን ወር ምንም እንደማታገኚ ቁጠሪው። ጉድለትሽ 5,400 ይሆናል፣ ላዩ ላይ እንቁጣጣሽ አለ። 700 ብሯ ለዚህ ናት። መጠባበቂያው 12,000 ሲደርስ ግን ማጠራቀሙን አቁሚና 700ዋንም ለአክስትሽ ጨምሪላት። ከዚያ በላይ ማስቀመጥ በእሷ ገንዘብ መቆጠብ ነው። ኑሮው በየጊዜው ሲወደድ እያየሽው፣ ያለ ወለድ ያበደረሽ ሰው በቆየች ቁጥር የምትጎዳው እሷ ናት። ደግሞ የክረምት ደመወዝሽ መከፈሉን ከውልሽ ላይ አረጋግጪ። የ10 ወር ብቻ የሚከፍሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ያንቺም እንደዚያ ከሆነ 700 ብር አይበቃም፣ 55 በመቶውም መውረድ አለበት።

በዚህ አካሄድ፣ መጠባበቂያው ሲሞላ የምትጨምሪውን 700 ሳንቆጥር፣ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ 46,200 ትከፍያለሽ። ክረምቱን ትዘያለሽ። ቀሪው 25,800 ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት አራት ወራት፣ ቢዘገይ ጥር ላይ ያልቃል። እስከ ክረምት አይደርስም። ይህን ለአክስትሽ ሰኔ ላይ ሳይሆን ዛሬ ንገሪያት፤ ምናልባት ክረምት ላይ ብሩን የምትፈልገው ለሆነ ነገር ይሆናል። እሷም በጊዜ ታስብበት።

ወደ አራተኛው ቤት ስመጣ፣ እኔ አልመክርሽም። ቀን ሙሉ አስተምረሽ፣ ማታ ሦስት ቤት ዞረሽ፣ የተማሪ ደብተር መቼ ልታርሚ ነው? ገቢው እንዲያድግ የምትፈልጊ ከሆነ አሁን የምትሄጂበት ቤት ላይ ልጅ ጨምሪ። ከሦስቱ ቤቶች አንዱን ወላጅ «የጎረቤት ልጅ አብሮ ቢማርስ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለት ልጆች በአንድ ጠረጴዛ እያንዳንዳቸው 2,800 ቢከፍሉ፣ ያ ቤት ከ4,000 ወደ 5,600 ያድጋል። ለወላጆቹም ይቀንስላቸዋል፣ ላንቺ የታክሲ ወጪ አይጨምርም። ደረጃቸው ከተራራቀ ግን አይሆንም፤ አንዱን ስታስረጂ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ከአንድ ክፍል ወይም ከተቀራረበ ክፍል ይሁኑ። ታክሲ ስላልጨመረ ከተጨማሪዋ 1,600 ላይ ከ55 በመቶ በላይ፣ 1,200 ያህሉን ለአክስትሽ ብታደርጊ አትጎጂም።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ወላጆች የቅዳሜ አስጠኚ ፍለጋ ይራወጣሉ። ያኔ ለሁለት ወር ብቻ የቅዳሜ ጠዋት ሥራ መያዝ ትችያለሽ፤ ገደቡ ይታወቃል፣ ማታሽንም አይነካም። ክፍያውን ወሩ ሲጀምር ተቀበዪ። ፈተናው ካለፈ በኋላ የቀረ ሒሳብ ማስከፈል ከባድ ነው። የራስሽን ክፍል ተማሪ ግን እንዳትይዢ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ይከለክላሉ፤ ባይከለክሉም የፈተና ወረቀት የምታርሚለትን ልጅ በገንዘብ ማስጠናት ነገ ወሬ ያመጣብሻል። 4,000 ብር ፍለጋ ሄደሽ 11,200 ብሩን እንዳታጪ።